በእህቴ ስም የወጣ ክኒን

የእህቴን ባል ሰፈሩ የሚያውቀው «ደቂቃ» በሚል ስም ነው። ሰዓት ሠሪ ነው። የተበላሸ ሰዓቱን አስረክቦ «መቼ ይደርሳል?» ላለው ሁሉ፣ ጠያቂው ዳኛም ይሁን ዘበኛ፣ መልሱ አንድ ነው፦ «አንድ ደቂቃ።» ያቺ አንድ ደቂቃ ሳምንት ትሆናለች፣ ሲብስም ወር ትሆናለች። ሰው ይቆጣል፣ ይዝታል፣ ከዚያ ሰዓቱን ሲቀበል እንደ አዲስ ሲሠራ ያይና ቁጣውን ረስቶ ይሄዳል። እኔም ስንት ጊዜ ተቆጥቼ ስንት ጊዜ ረስቻለሁ። የመጨረሻውን ግን አልረሳሁም፣ የምረሳም አይመስለኝም።

ሱቁ በፎቶ ኮፒ ቤትና በፀጉር አስተካካዩ መካከል ያለች፣ ከአንድ በር እምብዛም የማትሰፋ ክፍል ናት። ከመስታወቱ ኋላ ጠረጴዛው አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ከሰሊጥ የማይበልጡ ብሎኖች የተደረደሩበት ነጭ ሳህን፣ ወረንጦዎች፣ ቡሩሽና የዘይት መርፌ። እሱ አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ነው የሚናገሩት። መንገደኛ ብቅ ብሎ «ስንት ሰዓት ነው?» ካለው፣ ቀና ሳይል «የትኛውን ነው የምትፈልገው?» ይለዋል።

ጥግ ላይ የልጅ ቁመት ያለው፣ በእንጨት ሳጥን የታቀፈ ትልቅ ሰዓት ቆሟል። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ አምጥተው «ሥራልኝ» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ስንቱ ሰው ልግዛህ ብሎታል። «አደራ ነው፤ አደራ አይሸጥም» ይላል። እኔ ይህን ንግግሩን ለሰው እያወራሁ ስንት ዓመት ኮርቼበታለሁ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ይህንንም የሆንኩት በእህቴ ነው። እናታችን ስትሞት እሷ አስራ ዘጠኝ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የልብስ ስፌት ማሽኑ ላይ አጎንብሳ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ስመረቅ ደቂቃ አንዲት የእጅ ሰዓት ሰጠኝ። ከሦስት የሞቱ ሰዓቶች ዕቃ ለቃቅሞ ራሱ የሠራት ናት። «የሦስት አባት ልጅ ናት፤ ግን ከሁሉም የታመነች» አለኝ። እስካሁን እጄ ላይ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ፋርማሲ» ነው የሚለኝ።

እኔም በሥራ ቦታዬ ሌላ ቅጽል አለኝ፦ «ድገሙልኝ»። የእንቅልፍ ክኒንና የነርቭ ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው የሚነገረውን ተናግሬ አልለቀውም፤ ራሱ መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ስንት ክኒን፣ በስንት ሰዓት፣ ከዋጠ በኋላ መኪና እንደማይነዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጠጥ እንደማይነካ። ሽማግሌዎቹ «አስኳላ መሰለሽ እንዴ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ይደግማሉ ግን። አንዱ «አንዲት ቢራ ምን ታደርጋለች?» ሲለኝ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው፦ ክኒኑም አንጎልን ያስተኛል፣ መጠጡም አንጎልን ያስተኛል። ትንፋሽን «ቀጥል» እያለ የሚያዘው ያው አንጎል ነው። ሁለቱ ተባብረው ካስተኙት ትንፋሹን የሚያዝ አይኖርም። ለየብቻ ማንንም የማይገድል መጠን፣ አንድ ላይ ሲሆን ይገድላል። ይህን ስል ብዙዎቹ ክኒናቸውን ከቦርሳ ይከታሉ።

ደቂቃ ይጠጣ ነበር። የሚሳደብ ወይም የሚማታ ሰካራም አልነበረም፤ እንዲያውም ሲጠጣ የበለጠ ጨዋታ ያውቅ ነበር። ግን በየቀኑ ነበር። በመጨረሻ እጁ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለሰዓት ሠሪ እጅ መንቀጥቀጥ ማለት ለዘፋኝ ጉሮሮ መዘጋት ማለት ነው። ሐኪም ጉበቱን አይቶ «ወይ መጠጡን ወይ ራስህን» አለው። በወሩ መድኃኒት ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ መጣና ባንኮኒው ላይ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ እጁ ቀጥ ብሏል።

«ፋርማሲ፣ ተውኩት። በሐኪም ክትትል፣ ቀስ ብዬ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ሰው ፊት አቀፍኩት። የቫይታሚን እንክብል አንድ ብልቃጥ በስጦታ ሰጠሁት፣ ከዚያም በየወሩ አንድ። መጠጥ ለማቆም የሚታገል ሰው በመጣ ቁጥር «የእህቴን ባል አታውቀውም? ሰዓት ሠሪውን? ሂድና አነጋግረው» እያልኩ እልክ ነበር። ሦስት ሰው ልኬለታለሁ። እሱም ቁጭ አድርጎ መክሯቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ እስከ ዛሬ አልቀመሰም፤ ይህን ስሰማ ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ረቡዕ እህቴ የክሊኒክ ማዘዣ ይዛ መጣች። ማዘዣው የሚያስተኛ ክኒን ነበር፣ በእሷ ስም የተጻፈ።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ሦስት ሳምንቴ፤ ጣሪያ ስቆጥር ነው የማድረው።»

«ለምን ሳትነግሪኝ፣ እትዬ?»

«ይኸው ነገርኩሽ።»

ሁሉንም ጠየቅኋት፤ እህቴ ናት ብዬ አንድም አላለፍኩም። መጠጥ ትጠጫለሽ ወይ ስላት ሳቀች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀምሳ አታውቅም። ሌላ መድኃኒት? የለም። ከዚያ «ድገሚልኝ» አልኳት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ተማሪ ቆማ ደገመች፦ አንድ ክኒን፣ ማታ፣ ስተኛ፣ መጠጥ ጠብታም አይነካም። እኔም እየሳቅሁ በክኒኑ ፖስታ ላይ በእጄ ጻፍኩላት። «አንድ፣ ማታ። አልኮል ክልክል» ብዬ «ክልክል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ዓይኖቿ ንጹህ ነበሩ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ብዙ አይቻለሁ፤ ይቀላል፣ ሥሩ ያብጣል፣ ብርሃን ይሸሻል። የእሷ ዓይን እንቅልፍ የጠገበ ሰው ዓይን ነበር። አይቼ አለፍኩ። ያሳደገችኝን ሴት «እስቲ ዓይንሽን» ልበላት?

ከዚያ በኋላ ደቂቃ ተለወጠ። ብሎን ይጥላል፤ ጥሎም ወዲያው አያነሳም፣ ቁጭ ብሎ ያየዋል። አንዱን ቀልድ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ነገረኝ። ከሱቁ ደረጃ ወድቆ ክርኑን ላጠው። ንግግሩ ሁሉ ዝግ አለ። «ዕድሜ ነው» አልኩ፤ ስልሳን አልፏል። እሱ ግን ደስተኛ ነበር።

«ፋርማሲ፣ እንቅልፍ ማለት ይሄ ነው ለካ። ትራስ ስነካ ነው የምጠፋው። መጠጥ መተው ይሄን ያህል ጥቅም አለው ብትይኝ ድሮ እተወው ነበር» አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ልጆቹ ሊሄድ ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመንገዱ ባለ ሱቆች ሸኙት። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልሄድኩም። እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ ይዤ እንደ ልማዴ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤት ሆና ሻይ ታፈላለች። ፊቷ በርቷል።

«ቀስ በዪ፣ ተኝቷል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዛሬስ ተኛልኝ። እስቲ ስሚው።»

ሰማሁት። ከመኝታ ቤቱ ማንኮራፋት ይመጣል፤ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንቦቀቦቅ። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። ዝምታው ረዘመ። ዳቦውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

በጀርባው ተንጋሎ አፉን ከፍቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥፍሮቹም። ጠራሁት፤ ምንም የለም። ትከሻውን ነቀነቅኩት፣ የጣቴን መገጣጠሚያ ደረቱ መሐል ላይ አድርጌ በኃይል አሸሁት፤ የሚያም ነገር ነው፣ የተኛን ሰው ያስጮኻል። እሱ ትንሽ አቃሰተና ተወው። ያቺን እሱ የሠራትን ሰዓት አየሁና ደረቱን መቁጠር ጀመርኩ። ደህና ሰው በደቂቃ ከአስራ ሁለት ጊዜ ያላነሰ ይተነፍሳል። የሰዓቷ ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ ዙሯን ስትጨርስ ስድስት ላይ ነበርኩ።

ወደ ጎኑ ገለበጥኩት፤ አገጩን ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ማንኮራፋቱ ቀነሰ፣ ከአፉ የተጠራቀመ ምራቅ ወረደ። ያኔ ነው የሸተተኝ። ከላይ የሚንት ከረሜላ ነው፤ ከሥሩ ግን አረቄ።

«እትዬ፣ ጠጥቷል።»

«አይጠጣም» አለች ከበሩ ላይ። ቁርጥ አድርጋ። «ስምንት ወሩ። አይጠጣም።»

«ይሸታል እኮ። ቅረቢና አሽትቺው።»

«አይጠጣም አልኩሽ።»

«እሺ፤ ሌላ ምን ወሰደ?»

 ዞር ብዬ አየኋት። እጆቿን በመቀነቷ እየጠረገች ነው፣ እጇ ግን ደረቅ ነበር። ያኔ ሆዴ አወቀ፤ አፌ ግን ለመናገር ፈራ።

«እትዬ፣ ይሞታል። ሐኪሞቹ ምን እንደወሰደ ካላወቁ ሌላ በሽታ ሲፈልጉ ይሞታል። ምን ሰጠሽው?»

ወጥ ቤት ገብታ የስኳር ጣሳውን ይዛ መጣች። ከስኳሩ ሥር ፖስታው አለ። በእጄ ጽሑፍ፦ «አንድ፣ ማታ። አልኮል ክልክል»፣ ሁለት ጊዜ ከተሰመረበት ጋር።

«እኔማ ለሱ ብዬ ነው» አለች። «መጠጡን ከተወ ወዲህ ሌሊት ይነሳል፣ ይዞራል፣ ያልበዋል። ክኒን ውሰድ ብለው እብድ ነኝ እንዴ አለኝ። እንቅልፍ ሲያጣ ተመልሶ ወደ መጠጡ ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። ሻዩ ውስጥ ፈጭቼ ነው የማደርግለት። ማታ ማታ፣ አንድ። ትናንት ግን ከሽኝቱ ሲመጣ እየዘፈነ መጣ፤ ደስ ብሎታል አልኩ፣ ዛሬ በዚህ አኳኋኑ አይተኛም አልኩና ሁለት አደረግሁለት።» ከዚያ እኔን ማሳመን እንዳለባት ሁሉ ጨመረች፦ «መጠጥ ክልክል ነው ብለሽኛል። አልረሳሁም። እሱ ደግሞ አይጠጣም።»

ተራዋ ሲደርስ ተጠርታ፣ ጥያቄውን በሚገባ መልሳ፣ እንደወደቀች ተማሪ ነበር የቆመችው። ከትምህርቴ አንድ ቃል አላጎደለችም። የተሳሳተችው ባሏን በማመኗ ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱንም በማመኔ።

የእህቴ የቤት ጎረቤት ጡረተኛ ሾፌር ነው፤ አሮጌ ሚኒባስ አለው። ሲጠሩት ሳይጠይቅ ቁልፉን ይዞ መጣ። ሚስቱ ወተት በብርጭቆ ይዛ ተከተለችው፤ «ወተት ያረክሰዋል፤ ባይሆን ጥቁር ቡና ስጪው» አለች።

«በአፉ ምንም አይገባም» አልኳት። «መዋጥ የማይችል ሰው ነው፤ የምናጠጣው ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያው ጣት አስገቢና አስመልሺው።»

«እሱም ይብስ። እባክሽን በሩን ያዢልኝ።»

በብርድ ልብስ ተሸክመን የኋላ ወንበር ላይ በጎኑ አስተኛነው። አገጩን በእጄ እንደያዝኩ፣ ትንፋሹ ሲቆም እየጮህኩ ደረቱን እያሸሁ ሄድን። እህቴ ከፊት ተቀምጣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረችም። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ እንዲያ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የድንገተኛ ክፍሏ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ እጇ ግን ሥራ ያውቃል። ምን ወሰደ፣ ስንት፣ መቼ፣ ከስንት ቀን ጀምሮ፣ ምን ያህል ጠጣ? ፖስታውን ሰጠኋት። የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልስ አልነበረም። እህቴ አፏን ስትከፍት «አይጠጣም» ልትል እንደሆነ ስላወቅሁ ቀደምኳት፦ «ጠጥቷል፤ ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም።» ፊቱ ላይ ጭንብል አድርገው በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር ሰጡት፣ የደም ስኳሩን ለኩ፣ ከመከታተያ ማሽኑ ጋር አገናኙት። እንዲህ ያለውን ክኒን የሚያከሽፍ መርፌ እንዳለ ስለማውቅ ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች፦ «በየቀኑ ሲወስድ ከቆየና ጠጪም ከሆነ በአንዴ ስናከሽፈው ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። መተንፈሱን እያገዝን ከሰውነቱ እስኪወጣ እንጠብቃለን።»

ሲረጋጋ ወደ እኔ መጣች። «ይሄኛው ክኒን ማታ ተውጦ ጠዋት አይወጣም፤ ቀናት ይቆያል። በየማታው ሲጨመር ይጠራቀማል። ስንት ቀን ሰጥታዋለች?»

«አስራ ሰባት።»

«በየቀኑ የሚጠጣም ከሆነ እንግዲህ አስራ ሰባቱንም ቀን ሁለቱ ሲገናኙ ነበር። ትናንት ብቻ አይደለም።»

የወደቀው ብሎን፣ የተደጋገመው ቀልድ፣ ደረጃው፣ ያ ዝግ ያለ ንግግር፤ ሁሉም በአንዴ ተሰለፉብኝ። ዕድሜ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፋርማሲስቷ።

ሐኪሟ ምን ዓይነት መጠጥ እንደሆነ፣ ምን ያህል ጊዜም እንደሚጠጣ ማወቅ ፈለገች፤ ሲነቃ መጠጡ በድንገት ስለሚቋረጥበት እሱም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ከሱሪ ኪሱ የሱቁን ቁልፍ አውጥቼ ሄድኩ። እሁድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ውስጥ ገብቼ መሳቢያ ከፈትኩ፣ ከጠረጴዛ ሥር አየሁ፤ ምንም የለም። ልወጣ ስል ያ አደራ የተባለው ትልቅ ሰዓት ፊት ለፊቴ ቆሟል። በሩን ሳብኩት።

ፔንዱለሙ፣ ውስጡ የሚወዛወዘው ዘንግ፣ ተነቅሏል። በቦታው ሦስት ጠርሙስ አረቄ ቆሟል፤ ሁለቱ ባዶ፣ አንዱ ከግማሽ በታች። ከጠርሙሶቹ ኋላ እኔ የሰጠሁት የቫይታሚን ብልቃጥ ሁሉ ተደርድሯል። ስምንት። አንዱም ማሸጊያው አልተቀደደም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሕይወቱ አላለቀስኩም፤ ለሕይወቱ ጊዜ አላገኘሁም ነበር። ያለቀስኩት ለሞኝነቴ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔን የጣሉኝ ሁለት ናቸው።

እጁ ለምን ቀጥ እንዳለም ያኔ ገባኝ። መጠጥ የለመደ እጅ ጠዋት ሲጎልበት ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ሲቀምስ ይረጋል። ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ያሳየኝ እጅ በአረቄ የረጋ እጅ ነበር። ሌሊት የሚያስነሳውም፣ የሚያልበውም ያው መጠጡ ነው፤ ሲያልቅበት ሰውነቱ ይቀሰቅሰዋል። እህቴ «ባሌ እንቅልፍ አጣ» ብላ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ ይሄን ለመጠርጠር አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሰኞ ማታ ነቃ። ምራቅ ወደ ሳንባው ወርዶ ኖሮ ደረቱ ታመመ፤ አስራ አንድ ቀን ተኛ። ገና ድምፁ ሳይጠራ ከሷ ጋር መካሰስ ጀመሩ።

«ሚስቴ መረዘችኝ» አለኝ እሱ። «በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሻዬ። መረረኝ ስላት አዲስ ቅጠል ነው አለችኝ።»

«ስምንት ወር ዋሸኝ» አለችኝ እሷ ኮሪደሩ ላይ። «በእናታችን አፅም ምሎልኛል እኮ። ባይጠጣ ክኒኑ ምን ያደርገው ነበር?»

ሁለቱም ፍረጂ ይሉኛል። እያንዳንዳቸው የሌላውን ሐሰት እንደ ትልቅ ግኝት ይዘው ይመጡብኛል። እኔንስ በድዬሽ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ቆሜ ነገርኩት።

«ሦስት ሰው ልኬልህ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እነሱን አልዋሸሁም» አለኝ። «ጥሩ ምክር ነው የሰጠኋቸው፣ ፋርማሲ። መተው እንደሚያስፈልግ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ለመቆጣት ፈለግኩ፤ አቃተኝ። እየቀለደ አልነበረም። ይሄም ከሁሉ የባሰ ነበር።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሱቁም ተከፈተ። «አንድ ደቂቃ» ይላል አሁንም፤ ሰውም ይጠብቃል። ትልቁ ሰዓት ፔንዱለሙ ተመልሶለት ይሠራል። በሩ ገርበብ ብሎ ተትቷል፣ ባዶ መሆኑን የሚያይ እንዲያይ። እኔ አላይም።

መድኃኒት ቤት ያለው «ድገሙልኝ»ም አልቀረም፤ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ፦ «የሚወስደው ማን ነው? ቤት ውስጥስ ማን ይጠጣል?» ሰው ይቀየማል። «አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ» ይሉኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ምን ላድርግ።

ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ ወረፋው ሲቀንስ እህቴ ገባች። ከሆስፒታሉ ወዲህ ሁለት ወር ሆኗል፤ እሁድ እሁድ ዳቦ አልወስድም። ማዘዣ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ያው ክኒን፣ ያው ስም።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለች። «ትንፋሹን ስሰማ ነው የማድረው። ዝም ሲል እቀመጣለሁ። ሲያንኮራፋም እቀመጣለሁ። ስንት እንደሚተነፍስ እቆጥራለሁ፣ አንቺ እንደቆጠርሽው።»

አየኋት። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ሥራቸው አብጧል፣ የመስኮቱን ብርሃን ሸሽታ ጎኗን ሰጥታ ነው የቆመችው። ሃያ ሁለት ዓመት የማውቀው ዓይን ነው።

«ለማን ነው?»

«ለኔ ነው። እህትሽ ነኝ እኮ። ለኔ ነው።»

«እሱ ይጠጣል?»

«አይጠጣም» አለች። ቁርጥ አድርጋ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ በሩ ላይ ቆማ እንዳለችው።

ሳልጠይቃት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መድገም ጀመረች፦ አንድ ክኒን፣ ማታ፣ ስተኛ፣ መጠጥ ጠብታም... አስጨረስኳት። አንድ ቃል አላጎደለችም። ከኋላዋ ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

እውነቷን እንደሆነ ዓይኗ ነገረኝ። ማዘዣውን አጠፍኩና መለስኩላት።

«ሌላ መድኃኒት ቤት ሂጂ፣ እትዬ» አልኳት።